ነጭ ነጠላ በአረንጓዴ ጨርቅ ፊት

ለእንቁጣጣሽ የልጆች ፕሮግራም የመጣው ጥያቄ አጭር ነበር፤ አቅራቢዋ የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላ ደርባ፣ በካርቱን በተሳለ የአደይ አበባ መስክ መሃል ቆማ ተረት ትንገር። ሲወራ ቀላል ነው። ሰውን በአረንጓዴ ጨርቅ ፊት ቀርጾ ጨርቁን በሌላ ምስል የሚተካውን ግሪን ስክሪን ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ግን የአለባበሱን ነገር ሲሰማ ግንባሩን ይቋጥራል። ነጭ ልብስ አጠገቡ ያለውን ቀለም ሁሉ ይስባል። ነጠላ ሳሳ ስለሚል ከኋላው ያለውን ያሳያል። ጥለቱ ላይ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ክር አይጠፋም። በዚያ ላይ አቅራቢዋ አፍሮ ናት፤ የጸጉሯ ዳር በሺህ የሚቆጠር ቀጭን ጥቅልል ነው።

ስለዚህ ሥራ በአማርኛ የሚሠሩ ቪዲዮዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሶፍትዌሩ ነው የሚጀምሩት፤ እዚህ ተጫን፣ አረንጓዴውን ምረጥ፣ አለቀ። ጥቁር ቲሸርት ለለበሰና ጸጉሩን ለተላጨ ሰው ልክ ነው፣ ያልቃል። ለነጠላ ግን አይሠራም። ለምን እንደማይሠራ ለማወቅ ሶፍትዌሩ በትክክል ምን እንደሚለካ ማየት ያስፈልጋል።

ሶፍትዌሩ «አረንጓዴ» የሚባል ነገር አያውቅም። እያንዳንዱ ፒክስል ሦስት ቁጥር ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ፣ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255። ኪ የሚያደርገው፣ ማለትም አረንጓዴውን ለይቶ የሚያጠፋው መሣሪያ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ አረንጓዴው ከሌሎቹ ከሁለቱ ከትልቁ በስንት ይበልጣል? ሐሳቡ የቆየ ነው። ፔትሮ ቭላሆስ በ1950ዎቹ መጨረሻ በፊልም ዘመን፣ ያኔ በሰማያዊ ስክሪን፣ ለሆሊውድ የሠራው የቀለም ልዩነት ዘዴ ነው። ዛሬም ብዙዎቹ ኪየሮች ውስጣቸው ሲከፈት መሠረቱ ይህ ነው።

```
d = G - max(R, B)
alpha = min(1, max(0, 1 - d / d_screen))
```

`d_screen` ማለት ባዶው ጨርቅ ላይ የተለካው ልዩነት ነው። `alpha` 0 ከሆነ ፒክስሉ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፣ 1 ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይቀራል፣ መሃል ላይ ከሆነ ግማሽ ያሳያል።

በቁጥር እንየው። በደንብ የበራ ጨርቅ ቀይ 60፣ አረንጓዴ 180፣ ሰማያዊ 70 ሰጠን እንበል። ልዩነቱ 180 ሲቀነስ 70፣ ማለትም 110 ነው። የአቅራቢዋ ጉንጭ ደግሞ 150፣ 105፣ 80 ቢሆን፣ አረንጓዴው ከቀዩ ስለሚያንስ ልዩነቱ ከዜሮ በታች ነው፤ ፊቷ ሳይነካ ይቀራል። የእኛ የቆዳ ቀለም ለግሪን ስክሪን ያስቸግራል የሚል ወሬ አንዳንዴ እሰማለሁ። በዚህ ስሌት ምንም ችግር የለበትም፤ ጠይምም ይሁን ቀይ ዳማ፣ ቆዳ ላይ ቀዩ ሁልጊዜ ይበልጣል። ያስቸገረው መብራቱ ነው የሚሆነው።

አሁን ነጠላው። አንድ ቦታ ላይ ክሩ ግማሹን ሸፍኖ ግማሹን ጨርቁን ያሳያል እንበል። ነጩ 200፣ 200፣ 200 ከሆነ፣ ካሜራው የሚያየው የሁለቱን አማካይ ነው፤ 130፣ 190፣ 135። ልዩነቱ 55 ይመጣል፣ የ110 ግማሽ። ስለዚህ `alpha` 0.5 ነው፣ ልክ እንደ እውነቱ። ከዚያ ሶፍትዌሩ የጨርቁን ግማሽ፣ ማለትም 30፣ 90 እና 35ን፣ ሲቀንስ 100፣ 100፣ 100 ይቀራል፤ ምንም አረንጓዴ የሌለበት ንጹሕ የነጭ ግማሽ። በእሱ ቦታ የተሳለው መስክ ግማሹ ይገባል፣ አበባውም በነጠላው ውስጥ ይታያል። እኔ ይህን ስሌት መጀመሪያ በወረቀት ላይ ስሠራው ደስ አለኝ፣ ዛሬም ደስ ይለኛል። ነጠላ ለግሪን ስክሪን ጠላት ነው የሚሉት ሰዎች አልሞከሩትም።

ችግሩ ትከሻዋ ላይ ነው። ቀሚሱ ወፍራም ነው፣ ምንም አያሳይም። ግን ከጨርቁ ተመልሶ የሚመጣ አረንጓዴ ብርሃን፣ ባለሙያዎቹ ስፒል የሚሉት ነጸብራቅ፣ ነጩን ነካ አድርጎታል፤ 190፣ 212፣ 194። በዓይን ሲታይ አሁንም ነጭ ነው። ልዩነቱ ግን 18 ነው፣ የ110 አንድ ስድስተኛ ገደማ። ሶፍትዌሩ የሚደመድመው ትከሻዋ 16 በመቶ ያሳያል ብሎ ነው። ውጤቱም የተሳለው አበባ በትከሻዋ ውስጥ እንደ ጥላ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ለቁጥሩ ነጸብራቅና ሳሳ ያለ ክር አንድ ናቸው፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት የሚችል ቀመር የለም። ሁለቱን በቀላሉ መለየት የሚቻለው ቀረጻው ላይ ነው፤ ነጸብራቁ ትከሻዋ ላይ እንዳይደርስ በማድረግ።

ነጸብራቅን የሚቀንሰው ዋናው ነገር ርቀት ነው። ጥቂት ሜትር ጥልቀት ባለው ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሰው ይህን መስማት አይወድም፤ ግን አቅራቢዋ ከጨርቁ ቢያንስ 2 ሜትር፣ ከተቻለ 3 መራቅ አለባት። ያኔ የፊቷ መብራት የሚጥለው ጥላም ጨርቁ ላይ አያርፍም። ጨርቁን የሚያበሩት መብራቶች ለብቻቸው ናቸው፤ ሁለት ከግራና ከቀኝ፣ ወደ ጨርቁ ብቻ ዞረው። ቀጥሎ የሚረሳው ነገር የጨርቁ ስፋት ነው። ግድግዳውን በሙሉ አረንጓዴ ማልበስ ቢያምርም ከፍሬም ውጪ ያለው እያንዳንዱ ሜትር ትርፉ ነጸብራቅ ብቻ ነው። እኛ ከነጠላዋ ዳርና ከእጇ ስፋት ጥቂት ተርፎ እስኪቀር ድረስ ግራና ቀኙን በጥቁር ጨርቅ ሸፈንነው። ጥቁሩ በኋላ ኤዲቲንግ ላይ በአንድ ሻካራ ማስክ ይቆረጣል፤ ምንም ሥራ አይጨምርም። ወለሉንም አረንጓዴ አላደረግንም። ይህ ትልቁ ውሳኔያችን ነበር፤ አረንጓዴ ወለል ከታች ወደ ቀሚሱ ስለሚያበራ፣ ከታች የመጣ ነጸብራቅ ደግሞ እስከ ደረት ስለሚደርስ። እግሯን ምን እንደምናደርገው እመለስበታለሁ።

ጨርቁ ምን ያህል ይብራ? አብዛኛው ሰው በበራ ቁጥር የተሻለ ይመስለዋል። ቀመሩን ተከተሉት። ጨርቁ ከመጠን በላይ ሲበራ አረንጓዴው 255 ላይ ይደርስና ይቆማል፣ ቀዩና ሰማያዊው ግን መውጣታቸውን ይቀጥላሉ፤ 190፣ 255፣ 200 ይሆንና ልዩነቱ ከ110 ወደ 55 ይወርዳል። ሲጨልምም 20፣ 60፣ 25 ይሆንና ልዩነቱ 35 ይቀራል፤ በጨለማ ውስጥ የሚፈላው የካሜራ ኖይዝ ደግሞ ከዚያ ላይ የራሱን ድርሻ ይበላል። በሁለቱም በኩል መለኪያው ይጠባል። ጥሩው ቦታ ከፊቷ መብራት በግማሽ ወይም በአንድ ስቶፕ ዝቅ ያለው ነው። ካሜራው ወይም ሞኒተሩ የብርሃኑን መጠን በግራፍ የሚያሳይ ዌቭፎርም ካለው፣ ጨርቁ ከ40 እስከ 60 በመቶ አካባቢ ቀጭን መስመር ሆኖ ይተኛል። መስመሩ ከወፈረ ወይም ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ መብራቱ እኩል አልደረሰም፣ ወይም ጨርቁ ተጨማድዷል። የተጨማደደን ጨርቅ በካውያ መተኮስ ኤዲቲንግ ላይ ከመታገል ሁልጊዜ ይፈጥናል።

ጥለቱን በተመለከተ ድርድር ነበር። አዘጋጇ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ጥለት ያለው ነጠላ ነበር የመረጠችው፣ የበዓል ነውና። አረንጓዴው ክር ከጨርቁ ጋር አብሮ ይጠፋል፤ ጥለቱ መሃል ላይ ቀዳዳ ይሆናል። ሰማያዊ ጨርቅ ብንሰቅል ይህ ችግር አይኖርም ነበር። ሰማያዊን ያልመረጥኩት በካሜራው ምክንያት ነው። የአብዛኛው ዲጂታል ካሜራ ሴንሰር ለአንድ ቀይና ለአንድ ሰማያዊ ሁለት አረንጓዴ ነጥብ አለው፤ አረንጓዴው ላይ ያለው መረጃ ብዙ ነው፣ ኖይዙም ያነሰ ነው። ሰማያዊ ጨርቅ ደግሞ ብዙ መብራት ይጠይቃል፣ እኛም ትርፍ መብራት አልነበረንም። በቀይና በወርቃማ ጥለት ተስማማን። ወርቃማው ራሱ ሌላ ጣጣ እንዳለው ቆይተን እናያለን።

ስለ ካሜራው ብዙ አልልም። አንድ ነገር ግን ለጸጉሯ ወሳኝ ነው። ስልክም ሆነ ርካሽ ካሜራ ቪዲዮ ሲቀዳ ብርሃኑን በሙሉ ጥራት፣ ቀለሙን ግን ከአራት አንድ እጁን ብቻ ነው የሚያስቀምጠው፤ 4:2:0 ማለት ይህ ነው። 1920 በ1080 ብትቀዱ ቀለሙ 960 በ540 ብቻ ነው፣ ኪየሩ ደግሞ የሚሠራው በቀለም ልዩነት ነው። ስለዚህ የአፍሮዋ ዳር እንደ ደረጃ ተቆራርጦ ይወጣል። መፍትሔው በ4ኬ መቅዳትና የመጨረሻውን ሥራ በ1080 ማውጣት ነው፤ ያኔ የቀለሙ መጠን ከምስሉ መጠን ጋር እኩል ይሆናል። ካሜራው ውስጥ ያለውን ሻርፕነስ ወደ ዝቅተኛው አውርዱት፤ በጸጉር ዳር ላይ የሚያሰምረውን ቀጭን መስመር በኋላ ማጥፋት አይቻልም። ኤክስፖዠሩና ዋይት ባላንሱ ይቆለፉ። ሸተሩን እኛ 1/100 አደረግነው። አቅራቢዋ በእጇ ስለምታወራ፣ በ1/50 የተቀዳ እጅ ሲወረወር ከጨርቁ ጋር ተቀላቅሎ አረንጓዴ ጅራት ያወጣል። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ 1/50ም 1/100ም ከአምፖሉ ጋር ይስማማሉ፤ 1/120 ግን መርገብገብ ያመጣል።

ሁሉም ከተዘጋጀ በኋላ ቀረጻውን አልጀመርንም። አቅራቢዋን ቦታዋ ላይ አቁመን ጥቂት ሰከንድ ቀዳንና እዚያው ላፕቶፕ ላይ ኪ አደረግነው። የምትመለከቱት ቀለም ያለውን ምስል አይደለም፣ ማቱን ነው፤ After Effects ውስጥ ባለው Keylight ላይ View የሚለውን ወደ Screen Matte መቀየር ነው። ነጭ የሚቀረው ነው፣ ጥቁር የሚጠፋው፣ ግራጫ የሚያሳየው። ነጠላው ግራጫ መሆን አለበት። ፊት፣ ቀሚስና ክንድ ነጭ መሆን አለባቸው። የእኛ ማት ላይ ግራ ትከሻዋ አመድማ ነበር። ጨርቁን ከሚያበሩት መብራቶች አንዱ ከግራ ትከሻዋ ጀርባ ወዳለው ጨርቅ አብዝቶ ዞሮ ኖሯል፤ ከጨርቁ የሚመለሰው አረንጓዴ ብርሃን በዚያ በኩል በዝቶ ትከሻዋን ነክቷል። መብራቱን አዙረን፣ እሷን አንድ እርምጃ ወደ ካሜራው አቅርበን ድጋሚ ስናይ ነጭ ሆነ። እሷም ዞር ብላ «ነጠላውን ላጣፋው ወይስ እንዲሁ ልልቀቀው?» ስትል፣ «ልቀቂው፣ ሲደራረብ ይወፍራል» አልኳት። ከዚያ በዝቅተኛ ፍጥነት የሚሽከረከር ቬንትሌተር ከግራ አስነሳን። አኒሜሽኑ ላይ ሣሩ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚወዛወዝ ነጠላውም አብሮ ይንቀሳቀስ ብለን ነው። የድምፅ ባለሙያው ፊቱን አጨፈገገ፤ ማይኩን ደረቷ ላይ አጠጋግቶ ተስማማ።

ኤዲቲንግ ላይ የማየው ትልቁ ጥፋት Clip White ነው። ማቱ ላይ ግራጫ ያየ ሰው ሁሉ እጁ ወደዚያ ይሄዳል። ወደ ታች ሲያወርደው ግራጫው ነጭ ይሆናል፣ ትከሻው ይድናል፣ እሱም ይረካል። ግን እዚያው ላይ ነጠላው ወፍራም ጋቢ ሆኗል፣ የአፍሮው ጥቅልሎች ተጣብቀው ኮፍያ ሆነዋል። ይህን ለማምለጥ አንድ ማት ለሁሉም እንዲሠራ አናስገድደው። የሰውነቷን ውስጡን፣ ፊቷን፣ ደረቷንና ቀሚሱን፣ አጥብቀን ኪ በማድረግና ጠርዙን ጥቂት ፒክስል ወደ ውስጥ በመሰብሰብ አንድ ጠንካራ ማት እንሠራለን፤ ነጠላው የሚያርፍበትን ቦታ ደግሞ በእጅ በተሳለ ማስክ ከእሱ እንለያለን። ሁለተኛው ማት ለስላሳ ነው፤ Clip Black ጥቂት ከፍ ብሎ ጨርቁን ያጸዳል፣ Clip White ግን 100 ላይ ይቆያል። ይሄኛው ጸጉሩንና ነጠላውን ይይዛል። ሁለቱ ሲደመሩ ውስጡ ጠንካራ፣ ዳሩ ለስላሳ የሆነ አንድ ማት ይወጣል። ለነጻው ዳቪንቺ ሪዞልቭም ዘዴው ያው ነው፤ ፊውዥን ውስጥ ሁለት Delta Keyer አስገብቶ ማደባለቅ።

ከዚያ የተረፈው ነጸብራቅ ይጸዳል፤ ወርቃማው ጥለት ጣጣ የሚያመጣው እዚህ ላይ ነው። የተለመደው ሕግ አረንጓዴው ከቀይና ከሰማያዊ አማካይ እንዳይበልጥ መቁረጥ ነው። ወርቃማ ክር 220፣ 190፣ 60 ነው እንበል። የቀይና የሰማያዊ አማካይ 140 ነው፤ አረንጓዴው ከ190 ወደ 140 ሲቆረጥ ወርቁ ብርቱካንማ ይሆናል። በእጇ የያዘችው አደይ አበባም እንዲሁ። ሌላው ሕግ አረንጓዴው ከሁለቱ ከትልቁ እንዳይበልጥ ብቻ ያደርጋል፤ እዚህ ትልቁ 220 ስለሆነ ወርቁ ሳይነካ ያልፋል። ትከሻው ላይ ከነበረው 190፣ 212፣ 194 ደግሞ 212ቱን ወደ 194 ያወርደዋል፣ ለነጭ ይበቃዋል። ጉንጯ ላይ ሁለቱም ሕጎች ምንም አያደርጉም፤ አረንጓዴው 105 ነው፣ አማካዩ ራሱ 115። ስለዚህ ለበዓል ልብስ፣ ለአደይ፣ ለወርቅ ጌጥ ሁለተኛውን ሕግ ምረጡ። ሶፍትዌሩ ምርጫውን በግልጽ የማይሰጣችሁ ከሆነ ጥለቱን በማስክ ከጽዳቱ አውጡት። አንድ የሚያጽናና ነገር ደግሞ አለ፤ የእኛ መስክ ራሱ አረንጓዴና ቢጫ ስለሆነ ቀሚሱ ላይ የቀረች ጥቂት አረንጓዴ ከሣሩ የመጣች ትመስላለች። ሌሊት ላይ ወይም በረዶ መሃል ብናቆማት ኖሮ ይህን ያህል አንታደልም ነበር።

አሁን ንጹሕ ሆና ወጥታለች። መስኩ ላይ ስናስቀምጣት ግን ከፖስተር ላይ የተቆረጠች ትመስላለች፤ ይህ የኪው ጥፋት አይደለም። ዓይን መጀመሪያ የሚይዘው አድማሱን ነው። ካሜራው ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ የሥዕሉ አድማስ ሌንሱ ከወለል ከነበረበት ቁመት ጋር በሚስተካከል ቦታ ላይ ሰውየውን ማቋረጥ አለበት። የእኛ ሌንስ በ1.20 ሜትር ላይ ነበር፣ ደረቷ አካባቢ። ሠዓሊው አድማሱን ከራሷ በላይ ስሎታል፤ ከተራራ ላይ ቁልቁል የሚታይ መስክ ነው። እሷን ከደረት ትይዩ፣ መስኩን ከላይ እያየን ነበር፤ ለዚህ ነው ወደ ፊት ልትወድቅ የምትመስለው። ደግነቱ ሰማዩ፣ ተራራው፣ መስኩና የፊት አበባው ለየብቻ ሌየር ላይ ስለነበሩ ተራራውን ዝቅ አድርገን መስኩን ከላይ ወደ ታች ጨመቅነው። አዲስ ሥዕል የሚያሠራ ሰው ግን ሠዓሊው እርሳስ ከማንሳቱ በፊት የሌንሱን ቁመት ቢነግረው ይሻላል። ፀሐይዋ ከየት በኩል እንደምትሳልም እንዲሁ፤ የፊቷ ዋና መብራት በዚያው በኩል እንዲቆም።

እግሯን በተመለከተ፣ ከጉልበቷ በታች ሙሉ በሙሉ ቆርጠን ጣልነው። ከፊቷ የሚወዛወዝ የአደይና የሣር ሌየር አስቀመጥን፣ ትንሽ ደብዘዝ አድርገን። ይህ ሌየር የእግር ጥላ ከመሥራት፣ ከአረንጓዴ ወለልና እግር መሬት ላይ ሲንሸራተት ከማየት በአንድ ጊዜ ገላገለን፤ ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር ከፊቷ፣ ሌላው ከኋላዋ ሲሆን መስኩ ውስጥ ገባች። ገደቡም ግልጽ ነው፤ መራመድ አትችልም። ትራመድ የሚል ስክሪፕት ቢመጣ ወለሉን አረንጓዴ ማድረግ፣ ትልቅ ክፍል መከራየትና ጥላዋን ለብቻ ማውጣት ግድ ይላል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው።

የቀረው ቢራቢሮዋ ናት። ስክሪፕቱ ላይ ቢራቢሮ መጥታ እጇ ላይ ታርፋለች፣ እሷም ታያታለች። አኒሜተሩ ቢራቢሮዋን አስቀድሞ ሠርቶ አቅራቢዋ እንድትከተላት ፈልጎ ነበር። በሞኒተር እያየች ስትሞክር ዓይኖቿ ሁልጊዜ ትንሽ ዘግይተው ይደርሳሉ፣ እጇም ከቢራቢሮዋ ጎን ያልፋል። አቅጣጫውን ገለበጥነው። ረዳታችን ጫፉ ላይ ቀይ ፕላስተር የተለጠፈበት ቀጭን እንጨት ይዞ፣ ቢራቢሮዋ የምትበርበትን መንገድ በአየር ላይ እየሳለ ከጣቷ ጋር አገናኘው፤ እሷ ያንን ተከተለች። እንጨቱ ከፊቷ ጋር እስካልተደራረበ ድረስ በማስክ ይወጣል። አኒሜተሩ ከዚያ በኋላ ኪ የተደረገውን ቀረጻ ወስዶ ቢራቢሮዋን በዓይኗ መስመር ላይ ፍሬም በፍሬም አስቀመጠ፤ ጣቷ ጥቂት ወደ ታች በተነቃነቀበት ፍሬም ላይም አሳረፋት። አሁን በስምምነታችን ላይ የጻፍነው ይህ ነው፤ አቅራቢው የሚያየው ወይም የሚነካው ማንኛውም የአኒሜሽን ነገር የሚሳለው ቀረጻው ኪ ተደርጎ ካለቀ በኋላ ነው።